ለጥምቀት ልብስ የምትሰፉ፦ በአንድ ስልክ የ4 ሳምንት የፖስት ካላንደር አወጣጥ

የሐበሻ ልብስ የሚሰፋ ሰው ፖስት የሚያበዛው ብዙ ጊዜ በዓሉ ሲደርስ ነው። ጥምቀት ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ቴሌግራሙም ቲክቶኩም በአዲስ ቀሚስ ይሞላል። ደንበኛ ይደውላል፣ ሰፊው ግን መኪናው ላይ የተደራረበ ሥራ ስላለው ወይ «አልችልም» ይላል ወይ ተቀብሎ የከተራ ዕለት ከደንበኛው ጋር ይጣላል። በዚያ ሳምንት የተለቀቀው ሁሉ ከንቱ ድካም ይሆናል፣ ምክንያቱም ማስታወቂያው የወጣው መስፋት ካበቃ በኋላ ነው።

ስለዚህ የፖስት ካላንደር ሲወጣ የሚጀመረው ከስልኩ ሳይሆን ከስፌት መኪናው ነው። መኪናው እስከ በዓሉ ስንት ልብስ ያወጣል? ትእዛዝ መቀበል የሚቆመው መቼ ነው? እነዚህ ሁለቱ ከታወቁ በየትኛው ቀን ምን እንደሚለቀቅ ራሱ ይመጣል። ከዚህ በታች የ2019 ዓ.ም. ጥምቀትን ይዘን አንድ ካላንደር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንሠራለን። የሚያስፈልገው ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ አንድ ስልክ እና በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው።

1. ከበዓሉ ወደ ኋላ ይቁጠሩ

በ2019 ጥምቀት ጥር 11 ማክሰኞ ይውላል። ወደ ኋላ አራት ሳምንት ሲቆጠር ታኅሣሥ 13፣ እሱም ማክሰኞ፣ ይመጣል። ካላንደሩ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

አሁን አንዲት ልብስ ሰፊ እንውሰድ። አንድ መኪናና አንዲት ረዳት አላት፣ በሳምንት አምስት ቀሚስ ትጨርሳለች እንበል። አራት ሳምንት ሲባል ሃያ ቀሚስ ይመስላል፤ ነገር ግን የመጨረሻውን ሳምንት ከስፌት ማውጣት አለባት። በዚያ ሳምንት ደንበኞች ለክተው «ወገቡ ይጥበብ»፣ «እጅጌው ይጠር» የሚሉበት ነው፤ አዲስ ሥራ ከገባበት ማስተካከያው ሁሉ ከተራ ላይ ይከመራል። ስለዚህ የሚሰፋው በሦስት ሳምንት ነው፣ አሥራ አምስት ቀሚስ። ከዚህ ውስጥ አራቱ አስቀድሞ ለገና የተያዙ ናቸው። ሁለት ቦታ ደግሞ መብራት ለሚጠፋበትና መኪና ለሚበላሽበት ቀን ባዶ ይተዋል። የሚቀረው ዘጠኝ ነው። እንግዲህ የአራት ሳምንቱ ፖስት ሁሉ የሚፈልገው ዘጠኝ ደንበኛ ብቻ ነው ማለት ነው። ይህን ቁጥር ደብተሩ ላይ ከላይ በትልቁ ይጻፉት።

ዘጠኙም አንድ ዓይነት አይደሉም። ሸማኔ ጋ ጥለት መርጦ የሚያሠራ ደንበኛ አለ፣ ያለቀለት ጨርቅ ከሱቅ መርጦ ማሰፋት ብቻ የሚፈልግም አለ። የዚህችን ሰፊ ሸማኔ ስትጠይቀው ስምንት ቀን ይበቃኛል ብሏታል። ጨርቁ ታኅሣሥ 26 እጇ እንዲገባ ከተፈለገ በጥለት ምርጫ የሚሠራ ትእዛዝ ከታኅሣሥ 18 ማለፍ የለበትም። እነዚህ አራት ይሆናሉ፣ የሚሰፉትም በሦስተኛው ሳምንት ነው። ከተዘጋጀ ጨርቅ የሚሰፉት አምስቱ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ሳምንት ስለሚገቡ የእነሱ መዝጊያ ታኅሣሥ 25 ነው።

እርስዎም የራስዎን ሸማኔ ይጠይቁ። በዓል ሲቃረብ ሸማኔውም ሥራ ስለሚበዛበት ባለፈው ወር የነገረዎትን ቀን ዛሬም እውነት ነው ብለው አይውሰዱት። ልብሱ ወደ ውጭ አገር የሚላክ ከሆነ ደግሞ የመላኪያውን ቀን ጨምረው ይቀንሱ። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለች ደንበኛ ለጥምቀት እንዲደርሳት ከፈለገች በአብዛኛው ቦታዋ የመጀመሪያው ሳምንት ነው፣ ያውም ከተዘጋጀ ጨርቅ።

2. ቀናቱን ይምረጡ

በሳምንት ሦስት ፖስት ይበቃል፦ ረቡዕ ማታ፣ ዓርብ ማታ፣ እሑድ ከሰዓት። በአራት ሳምንት አሥራ ሁለት ይሆናል። በየቀኑ እለቃለሁ ብሎ የተነሳ ሰው ሥራ ሲበዛበት በሁለተኛው ሳምንት ያቆማል፤ ከዚያ ቻናሉ በጣም በሚፈለግበት ሰዓት ዝም ይላል። ሦስቱን ግን ማክሰኞ ጠዋት፣ ደንበኛ በማይበዛበት ሰዓት፣ አንድ ላይ አዘጋጅቶ መጨረስ ይቻላል።

ቦታውን በተመለከተ የእኔ ምክር ቴሌግራም ቻናልን ቤት ማድረግ ነው። ደንበኛ ወደ ኋላ ሄዶ የድሮ ሥራዎን ማየት ይችላል፣ ለጓደኛው ማስተላለፍ ይችላል፣ ፖስትም አስቀድሞ ቀጠሮ ይያዝለታል። ቲክቶክ ደግሞ የማያውቅዎትን ሰው ያመጣል፤ ስለዚህ ከሦስቱ አንዱን፣ ቪዲዮ የሆነውን፣ እዚያም ይልቀቁት። ዋትሳፕ ስታተስ በ24 ሰዓት ስለሚጠፋ ለ«ዛሬ ልብስ ደርሷል» ዓይነት መልእክት ይሁን እንጂ ዋና ቦታ አይሁን።

3. ፎቶውን ከሥራው ጋር ያንሱ

ለፎቶ የተለየ ቀን የሚፈልግ ሰው ፎቶ አይኖረውም። የሚነሳው ልብሱ ተተኩሶ ሳይታጠፍ በፊት ነው። ያን ሰዓት ልብሱ ንጹሕ ነው፣ እጥፋት የለውም፣ እርስዎም ቆመዋል። በእያንዳንዱ ልብስ ሦስት ፎቶ ይበቃል፦ ሙሉው በማንጠልጠያ ወይም በአሻንጉሊት ላይ ሆኖ፣ ጥለቱ ቀረብ ብሎ፣ አንገቱ ወይም ጀርባው። ከዚህ ሌላ በሳምንት አንድ ልብስ መርጠው ሲቆረጥ፣ ሲሰፋ እና ሲያልቅ አምስት አምስት ሰከንድ ቪዲዮ ይያዙ። ሦስቱ ሲቀጠሉ የአሥራ አምስት ሰከንድ ቪዲዮ ናቸው።

ነጭ ጥጥ በስልክ ሲነሳ አስቸጋሪ ነው፣ እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። በአምፖል ብርሃን ሲነሳ ነጩ ቢጫ ይሆናል፤ ደንበኛዋም ልብሱ ያረጀ ወይም የታጠበ ይመስላታል። በፀሐይ ሲነሳ ደግሞ ነጩ ይነድና የጨርቁ ክር አይታይም፣ ጥለቱም ቀለሙ ይሳሳል። የሚሻለው ከበሩ አጠገብ ጥላ ውስጥ፣ ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ መብራቱን አጥፍቶ ማንሳት ነው። ከኋላ ነጭ ግድግዳ ካለ ልብሱ ስለሚጠፋ ጠቆር ያለ ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ያልሆነ ባለ ቀለም ጨርቅ ይስቀሉ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ነጩን ጨርቅ በጣት ይንኩት፤ በብዙ ስልኮች የፀሐይ ምልክት ብቅ ስለሚል ወደ ታች ይጎትቱት፣ የጨርቁ ክር እስኪታይ ድረስ። ሌንሱን ሳይጠርጉ አያንሱ፤ ካውያና ጨርቅ ሲነካካ የዋለ እጅ ስልኩን ሁልጊዜ ያጨማልቀዋል።

ትክክል መሆኑን ማወቂያው ቀላል ነው። ፎቶውን ከልብሱ አጠገብ አድርገው ያስተያዩት። የጥለቱ አረንጓዴ በስልኩ ላይ ሰማያዊ መስሎ ከታየ ያን ፎቶ አይልቀቁት፣ ደንበኛዋ «ያሳየሽኝ ይህን አይደለም» ብላ የምትመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። ከሌላ ሰው ፔጅ የተወሰደ ፎቶ ደግሞ ጭራሽ አይለቀቅ። ደንበኛ ያንኑ ጥለት በልኩ ትጠብቃለች፤ የእርስዎ ሸማኔ ያን ላይሠራው ይችላል።

ሁለት ነገር ደግሞ ይጠይቁ። ደንበኛዋ ለብሳ የምትታይበትን ፎቶ ከመልቀቅ በፊት ፈቃድ። የሠርግ ወይም የበዓል ልብሷን ከቀኑ በፊት መልቀቅ ይቻል እንደሆነም እንዲሁ። ብዙ ሴቶች ልብሳቸው ከዕለቱ በፊት በሰው እንዲታይ አይፈልጉም። «ከጥምቀት በኋላ ብለቀው ይከፋሻል?» ብሎ ልክ ሲወሰድ መጠየቅ ነገሩን ይጨርሰዋል፤ መልሱ ከስሟ አጠገብ ደብተር ላይ ይጻፍ።

4. አሥራ ሁለቱ ፖስቶች

*አንደኛ ሳምንት፣ ከታኅሣሥ 13 እስከ 19።* ሦስቱም ፖስት ለአንድ ነገር ናቸው፦ ጥለት መርጦ ለማሠራት መዝጊያው እሑድ ታኅሣሥ 18 መሆኑን ማሳወቅ። ረቡዕ አምስት ጥለት ቀረብ ብሎ የተነሳ፣ እያንዳንዱ ቁጥር ተሰጥቶት፤ ደንበኛ «ቁጥር 3» ብላ ብቻ መጻፍ እንድትችል። ዓርብ ከአምስቱ ብዙ የተጠየቀበት ጥለት ተሰፍቶ ሲያልቅ ምን እንደሚመስል፣ ካለፈው ሥራዎ። እሑድ ከሰዓት «ዛሬ ማታ ይዘጋል» የሚል አጭር ጽሑፍ፣ ከቀረው የቦታ ቁጥር ጋር። ቁጥሩ እውነተኛ መሆን አለበት። አራት ቦታ ከነበረ ሦስቱ ከተያዘ «አንድ ቀርቷል» ይበሉ፤ ምንም ካልተያዘም «አራት ቦታ አለ» ይበሉ።

የረቡዑ ጽሑፍ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ለጥምቀት ጥለት መርጠው ማሠራት ለምትፈልጉ፦ ትእዛዝ የምንቀበለው እስከ እሑድ ታኅሣሥ 18 ነው። ከዚያ በኋላ ሸማኔው አያደርስልንም። አራት ቀሚስ ብቻ እንይዛለን። ዋጋ ከ____ ብር ጀምሮ፣ ቀብድ ግማሽ። የመረጡትን ቁጥር እዚሁ ይጻፉልን።»

ዋጋውን ጽሑፉ ላይ ያስቀምጡት። «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚል ፖስት ሥራውን ወደ እርስዎ ያዞረዋል፤ ሃያ ሰው «ስንት ነው?» ብሎ ይጽፋል፣ ሃያውንም መልሶ መጻፍ ከስፌት ጊዜ ይወስዳል። የጥለት ዋጋ ስለሚለያይ ትክክለኛ ቁጥር መስጠት ካልተቻለ «ከዚህ እስከዚህ» ማለት ይበቃል።

*ሁለተኛ ሳምንት፣ ከታኅሣሥ 20 እስከ 26።* ጥለት ማሠራት ተዘግቷል። አሁን የሚሸጠው የተዘጋጀ ጨርቅ ነው። ረቡዕ ያሉት ጨርቆች፣ ዓርብ የመቁረጥና የመስፋት ቪዲዮ፣ እሑድ ታኅሣሥ 25 የመዝጊያ ጽሑፍ። የዓርቡ ቪዲዮ ወደ ቲክቶክም ይሄዳል፤ የመዝጊያው ቀን ቪዲዮው ላይ በጽሑፍ ይኑር፣ ቪዲዮው ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚያገኘው ሰው እንዳይሳሳት።

*ሦስተኛ ሳምንት፣ ከታኅሣሥ 27 እስከ ጥር 3።* እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸገራል፣ ለጥምቀት የሚሸጠው ቦታ አልቋልና። ግን ከጥምቀት በኋላ የሠርግ ጊዜ ነው፤ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ ቤተሰቡ፣ ሚዜው፣ እናትና አባቱ ሁሉ ልብስ ያሰፋል። ስለዚህ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ የሚከፈተው ከጥር 13 በኋላ ያለው ቦታ ነው። ረቡዕ ታኅሣሥ 28 የገና ዋዜማ ስለሆነ ያን ዕለት አይልቀቁ፤ ወደ ሐሙስ ገና ከሰዓት ያዛውሩትና ለገና ልብሷን የወሰደች ደንበኛ፣ ፈቃድ ካለ፣ ለብሳ የተነሳችውን ያውጡ። ዓርብ ታኅሣሥ 30 ለሠርግ ቤተሰብ የሚሆን ተመሳሳይ ጥለት፣ የእናት ቀሚስና የአባት ሸሚዝ ጎን ለጎን። እሑድ ጥር 2 «ለጥምቀት ትእዛዝ ሞልቷል፣ ለሠርግ ከጥር 13 ጀምሮ እንይዛለን» የሚል ጽሑፍ። ይህን ጽሑፍ ቻናሉ ላይ ፒን ያድርጉት። መሙላቱን መናገር ደንበኛ አያሸሽም፤ ይልቁንም ለሚቀጥለው በዓል ቀድሞ እንዲመጣ ያደርገዋል።

*አራተኛ ሳምንት፣ ከጥር 4 እስከ 10።* የዚህ ሳምንት ሦስት ፖስቶች ሁሉም ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ተዘጋጅተው ማለቅ አለባቸው፤ በዚህ ሳምንት ስልክ የሚይዝ እጅ አይኖርም። ረቡዕ ጥር 5፦ «ልብስ ያሰፋችሁ እስከ ዓርብ መጥታችሁ ለኩ፣ የሚስተካከል ካለ ጊዜ እንዲኖረን።» ዓርብ ጥር 7፦ ስፌት የማይፈልግ ነገር ካለ፣ ነጠላ፣ መቀነት፣ የሕፃናት ልብስ፣ ፎቶና ዋጋ። እሑድ ጥር 9፦ ሱቁ በከተራ እስከ ስንት ሰዓት ክፍት እንደሆነ። ይህ የመጨረሻው ተራ ነገር ይመስላል፤ ግን በከተራ ዕለት «አላችሁ ወይ?» ብሎ የሚደወለውን ስልክ ግማሹን ያስቀራል።

5. ማክሰኞ ጠዋት ቀጠሮ ማስያዝ

ማክሰኞ ሦስቱን ጽሑፍና ፎቶ አዘጋጅተው ቴሌግራም ቻናሉ ላይ አንድ በአንድ ያስገቡ። ፎቶውን ከነጽሑፉ አስገብተው የመላኪያውን ቀስት ከመንካት ይልቅ ተጭነው ሲይዙት Schedule Message የሚል ይመጣል። ቀንና ሰዓት መርጠው ይተዉት። ቀጠሮው የሚቀመጠው ስልክዎ ውስጥ ሳይሆን ቴሌግራም ጋ ስለሆነ በሰዓቱ ስልኩ ቢጠፋ፣ ኔትወርክ ባይኖር እንኳ ይወጣል።

ሁለት ቦታ ላይ ሰው ይሳሳታል። ስልኩ የሚያሳየው የፈረንጅ ቀን ነው፤ ታኅሣሥ 14 ለስልኩ ዲሴምበር 23 ነው። ደብተሩ ላይ ሁለቱንም ጎን ለጎን ይጻፉ። ሌላው ሰዓቱ ነው። ማታ 2 ሰዓት በስልኩ 20:00 ነው። 2:00 ብለው ካስገቡት ፖስቱ የሚወጣው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነው፣ ጠዋት ላይም ከሌላው መልእክት ሥር ተቀብሮ ያገኙታል። ካስያዙ በኋላ የተቀጠሩትን ዝርዝር ከፍተው አንድ ጊዜ ይዩ።

የቲክቶኩን ቪዲዮ ቀድመው ቀጥለው በDrafts ማስቀመጥና ዓርብ ማታ መልቀቅ ይቻላል። ነገር ግን ድራፍት ያለው ስልኩ ውስጥ ብቻ ነው፤ ቦታ ሞላ ብለው መተግበሪያውን ካጠፉት አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ያለቀውን ቪዲዮ ቴሌግራም ላይ Saved Messages ውስጥ ያስቀምጡና ስልኩ ላይ ያለውን ፎቶና ቪዲዮ ያጽዱ። ለበዓል ጥሪ የሚቀበል ስልክ ቦታ ሞልቶ መቆም የለበትም።

እዚያው Saved Messages ውስጥ አንድ የተዘጋጀ መልስ ይኑር፦ ዋጋ፣ ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ ቀብድ በምን እንደሚከፈል፣ ሱቁ የት እንደሆነ፣ ልክ ለመውሰድ መቼ እንደሚመጣ። ሲጠየቁ ገልብጦ መላክ ነው። መልስ የሚሰጥበት ሰዓት ሁለት ይሁን፣ ምሳ ሰዓትና ሱቅ ሲዘጋ። ቀብድ ያልከፈለ ሰው ከዘጠኙ ቦታ ውስጥ አይቆጠርም።

6. የሠራውንና ያልሠራውን ማወቅ

ትእዛዝ በተቀበሉ ቁጥር «ከየት አገኙን?» ብለው ይጠይቁና ከልኩ አጠገብ ይጻፉ፦ ቴሌግራም፣ ቲክቶክ፣ ሰው ነግሮኝ፣ በበር ሳልፍ። ላይክና ቪው የሚነግሩት ሰው እንዳየ ነው፤ ቀብድ ስለመክፈሉ የሚነግረው ደብተሩ ነው።

ብዙ ሰው አይቶት ማንም ካልጻፈ ፖስቱን ራስዎ መልሰው ያንብቡ። አብዛኛውን ጊዜ ዋጋ፣ ቦታ ወይም መዝጊያ ቀን ይጎድለዋል። ብዙ ሰው ጽፎ ቀብድ የከፈለ ከሌለ ደግሞ የመጀመሪያው መልስዎ የተላከበትን ሰዓት ይዩ፤ በማግስቱ ከሆነ ሰውየው ሌላ ጋ ሄዷል። ሦስት ሰው አንድ ዓይነት ጥያቄ ከጠየቀ፣ ለምሳሌ «ስታጥቡት ይለቃል ወይ?» ብሎ፣ የሚቀጥለው ሳምንት የዓርብ ፖስት ተገኘ ማለት ነው። ሁለተኛው ሳምንት ሳያልቅ ዘጠኙ ከሞላ የመዝጊያውን ጽሑፍ ወደዚያው ቀን ያምጡት፤ የተቀጠረውን ፖስት መሰረዝም እንዳይረሳ።

ፀጉር ቤት ላላችሁ

አካሄዱ ያው ነው፣ የሚቆጠረው ግን ወንበርና ሰዓት ነው። አንድ ሹሩባ ሦስት ሰዓት ከፈጀና ሁለት ሠሪ ካለ በአንድ ቀን ስድስት ወይም ስምንት ራስ ነው። ፀጉር እንደ ልብስ አስቀድሞ ተሠርቶ ስለማይቀመጥ የጥምቀት ሥራ ሁሉ የሚወድቀው ጥር 8፣ 9 እና 10 ላይ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ለትሪትመንትና ለፀጉር እንክብካቤ ይስጡ፣ ቀጠሮ የሚከፈተው በሦስተኛው ሳምንት ይሁን፣ በሰዓት በሰዓት ተከፍሎ፦ «ጥር 9 ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ከ5 ሰዓት፣ ከ8 ሰዓት።» የተያዘው እየተሰረዘ ያው ጽሑፍ ይታደሳል። ሹሩባ ከኋላና ከጎን ሲነሳ ፊት ስለማይታይ ብዙ ደንበኞች ይፈቅዳሉ፤ ያም ቢሆን ይጠየቁ። ፎቶው ተሠርቶ እንዳለቀ፣ ደንበኛዋ ነጠላዋን ሳትለብስ ወደ በሩ ዞራ ይነሳ፤ የሹሩባው መስመር በብርሃኑ ጎልቶ የሚወጣው ያኔ ነው።